መንታ እርግዝና አልትራሳውንድ ላይ የምንሰራቸው ስህተቶች

"መንታ ነው፣ የሁለቱም ልብ ይመታል" ብቻ የሚል የአልትራሳውንድ ወረቀት ስንቴ እንዳየሁ አልቆጥረውም። እንግዴ ልጁ አንድ ነው ወይስ ሁለት? እሱ የለበትም፣ ክትትሉ በየስንት ጊዜ ይሁን የሚለው ግን ከዛ ነው የሚጀምረው።

የመጀመሪያው ስህተት ማርፈድ ነው። ይሄ ነገር በደንብ የሚለየው ከ11 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ መንታዎቹን የሚከፍለው ሽፋን እንግዴ ልጁ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ፈልጋችሁ ታያላችሁ። እዛ ጋ የእንግዴ ልጁ ስጋ ሽፋኑ መሀል እንደ ሽብልቅ ገባ ካለ፣ ላምዳ የሚሉት ምልክት ማለት ነው፣ እንግዴ ልጁ ሁለት ነው። ሽፋኑ ቀጭን ክር መስሎ ቀጥ ብሎ ካረፈና የቲ ፊደል ቅርጽ ከሰራ አንድ ነው የሚጋሩት። እርግዝናው ሲገፋ ሽብልቁ ሊጠፋ ይችላል፣ ስለዚህ በ22 ሳምንት ላምዳ አጣሁ ብሎ አንድ ነው ማለት አይቻልም። አንዱ ወንድ አንዷ ሴት ከሆኑ ግን ተገላገልን፣ ሁለት ነው።

ሁለተኛው፣ እንግዴ ልጅ መቁጠር ብቻ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተጣብቀው አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፣ እና ሽፋኑን ሳያዩ አይፈረድም።

ሦስተኛው "መንታ ስለሆነ ነው ሆድሽ የገፋው" ማለት ነው፣ ይሄ ነው እኔን የሚያበሳጨኝ። አንዲት እናት በ19 ሳምንቷ ሆዷ በአንድ ሳምንት ተነፍቶ፣ ትንፋሽ እያጠራት መጣች። የአንዱ ልጅ ሽርት ውሃ ጥልቀቱ 9.5 ሴንቲሜትር፣ የሌላው 1 ብቻ። የሚጋሩት እንግዴ ልጅ ላይ ያሉ ደም ስሮች ተገናኝተው የአንዱ ደም ወደ ሌላው ሲሄድ ሰጪው ሽንቱ ይቀንሳል፣ ተቀባዩ ያበዛል፣ ውሃው ደግሞ በዚህ ጊዜ በአብዛኛው የልጆቹ ሽንት ነው። ከ20 ሳምንት በፊት ባንዱ በኩል ከ2 በታች፣ በሌላው ከ8 በላይ ከሆነ በሽታው ያ ነው። የሰጪውን ፊኛ ቆይተን ብናይም ባዶ ነበር፣ ማለትም ደረጃ 2 ደርሷል።

እዚህ ጋ ሌላ ወጥመድ አለ፣ ሽፋኑ ሰጪው ላይ ተለጥፎ ስለማይታይ "ሽፋን የላቸውም፣ አንድ ከረጢት ውስጥ ናቸው" ተብሎ ይጻፋል። እናትየዋን በጎን አስተኟት፣ ልጁ ወደታች ካልወረደና ማህፀን ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ከቀረ ሽፋኑ ይዞት ነው። እሷም የዛኑ ቀን ሪፈር ተጻፈላት፣ ምክንያቱም ደም ስሮቹን በሌዘር የመዝጋት ህክምና ብዙ ጊዜ የሚሰራው ከ16 እስከ 26 ሳምንት ነው።

የመጨረሻው ቀጠሮ በወር ማድረግ ነው። እንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንታዎች ከ16 ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ ይታያሉ፣ ውሃው፣ ፊኛው፣ እድገታቸው፣ የጭንቅላት ደም ስር ዶፕለርም ጭምር፣ ምክንያቱም ውሃው ልክ ሆኖ አንዱ ደም ሊያንሰው ሌላው ሊበዛበት ይችላል።