ያልተጠና ቋንቋ ስታጠኑ ግሎሳችሁ እንዳይዘበራረቅ እንዴት ይሰራል?

ከመጀመሪያው የመስክ ጉዞዬ ሦስት ደብተር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይዤ ተመለስኩ። ከእያንዳንዱ ቃል ስር የምዕላዶቹን ፍቺ ጽፌያለሁ። ይህን ነው ግሎስ የምንለው። ከዓመት በኋላ የግስ ምዕራፉን ልጽፍ ስቀመጥ ግን አንዱን ድህረ ቅጥያ አንድ ቦታ PST፣ ሌላ ቦታ PFV፣ ሌላ ቦታ ደግሞ PERF ብዬው አገኘሁት። የመጨረሻው ነው ጉድ ያደረገኝ። PERF ስል PFV ማለቴ ነበር ወይስ PRF? እኔው ጽፌው እኔው አላውቅም። PFV ድርጊቱን እንደ አንድ የተጠናቀቀ ሙሉ ነገር ያያል፣ PRF ደግሞ ያለፈ ድርጊት አሁን ላይ ያለውን ውጤት ያሳያል፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደብተሮቹን እንደገና ከድምፅ ቅጂው ጋር ማመሳከር ግድ ሆነብኝ።

መነሻው ቀላል ነው። የላይፕዚግ የግሎስ ደንቦችን አውርዱ። አሥር ደንብ ብቻ ነው፣ መጨረሻው ላይ የአጽሕሮት ዝርዝር አለው። ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን አጽሕሮት ራሳችሁ አትፍጠሩ።

ቀጥሎ ምዕላዱን በፊደል ለመቁረጥ አትሞክሩ። እኔ በፊደል መጻፍ ስለሚፈጥንልኝ ሞክሬው ነበር። «ቤቱ» የሚለውን እዩት። «ቱ» ውስጥ ት የቤት ናት፣ ኡ ደግሞ ቅጥያ። ሰረዙን የት ታስገቡታላችሁ? በዚያ ላይ ፊደላችን መጥበቅን አያሳይም፤ «አለ» ተናገረ ይሁን ኖረ አይለይም። ስለዚህ ፊደሉ ከላይ ይቀመጥ፣ የሚቆረጠው መስመር ግን በላቲን ወይም አይፒኤ በሚባለው ዓለም አቀፍ የድምፅ ጽሕፈት ይጻፍ። በሚቆረጠው መስመር ላይ ያለው ሰረዝ ብዛት ከስሩ ካለው ግሎስ ጋር እኩል መሆን አለበት። አንድ ምዕላድ ሁለት ነገር ተሸክሞ መቁረጥ ካልተቻለ ነጥብ ነው የሚገባው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ። አንድ ቅርጽ ሁለት ሥራ ሲሠራ ስንት ስም ይሰጠው? አማርኛን እንደማያውቅ ሰው ሆናችሁ «ቤቱን አየሁ» የሚለውን ስሙ።

```
bet-u-n          ayyä-hu
house-DEF-ACC    see.PFV-1SG

bet-u-n                 ayyä-hu
house-3SG.M.POSS-ACC    see.PFV-1SG
```

የምናወራለት የታወቀው ቤት ነው፣ ማለትም DEF፣ ወይስ የእሱ ቤት፣ ማለትም POSS? ሁለቱም ያስኬዳል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ትርጉሙን እየተከተለ አንዴ ይህን አንዴ ያንን ይጽፋል። ችግሩ ትርጉሙን የሰጠን ዐውዱ ይሁን ቅጥያው ሳናውቅ መወሰናችን ነው።

መውጫው ሁለቱ ሥራዎች በቅርጽ የሚለያዩበትን ቦታ መፈለግ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ ጠይቁ። ብዙ ቁጥር ብታደርጉት «ቤቶቹ» ይሆናል፤ አሁንም አሻሚ ነው፣ ምንም አልነገረንም። ጾታ ስትቀይሩ ግን ይከፈታል። የእሷ ልጅ «ልጇ» ነው፤ የምናውቃት ልጅ ደግሞ «ልጅቷ»። በሴት ጾታ ቅርጹ ከተለያየ፣ በወንድ መመሳሰሉ ሁለቱን አንድ አያደርጋቸውም። ስለዚህ ሁለት ምዕላድ፣ ሁለት ስም። የትም ቦታ ባይለያዩ ኖሮ አንድ ስም እሰጠውና ልዩነቱን ከታች ላለው ነፃ ትርጉም እተወው ነበር።

ፈተናው እስኪያልቅ ምን ይጻፍ? እኔ ቅርጹን ራሱን በትልልቅ ፊደል እጽፋለሁ፤ U ብቻ። ያስቀይማል፣ ግን አይዋሽም። ግምት በ DEF ስም ከገባ በሳምንቱ እንደ እውነት ትቆጥሩታላችሁ።

ለመሣሪያ ፍሌክስ የሚባለውን የቋንቋ ጥናት ሶፍትዌር እመርጣለሁ። ግሎሱን ከመዝገበ ቃላቱ ስለሚያመጣ አንድን ቅጥያ ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ መጻፍ ይከብዳል። ግን የተሳሳተ ውሳኔንም በሁሉም ጽሑፍ ላይ በእኩል ያሰራጭላችኋል። ኢላን ድምፅና ጽሑፍ ለማቀናጀት ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ብቻውን አይበቃም። ኤክሴልን ተዉት።

በተራ የጽሑፍ ፋይል የምትሠሩ ከሆነ በየሳምንቱ ይህችን አሂዱ፦

```
grep -ohE "[A-Z]+" *.txt | sort | uniq -c | sort -n
```

አጽሕሮቶቹን ከነብዛታቸው፣ ከጥቂቱ ጀምሮ ትደረድራለች። አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የመጣ አጽሕሮት አብዛኛውን ጊዜ የፊደል ስህተት ወይም የድካም ቀን ውጤት ነው። የእኔን PERF በዚህች መስመር በደቂቃ አገኘው ነበር።

ስም ስትቀይሩ አንድ ፋይል ውስጥ ቅርጹን፣ አሮጌውን ስም፣ አዲሱን፣ ቀኑንና ያስቀየራችሁን ዓረፍተ ነገር ቁጥር ጻፉ። ከዚያ በሁሉም ጽሑፍ ላይ በአንድ ቀን ቀይሩት። «የቀረውን ነገ» ያልኩት ነው ሦስቱን ደብተሮች ያመጣብኝ።