በ15 ካሬው ጨዋታ 14 እና 15 አልስተካከል ሲሉ፦ ችግሩና መፍትሄው

ምልክቱ

ጨዋታው በ4 በ4 ሰሌዳ ላይ ያሉትን 15 ባለ ቁጥር ካሬዎች ወደ አንዱ ባዶ ቦታ እየገፉ ከ1 እስከ 15 በቅደም ተከተል መደርደር ነው። ከ1 እስከ 13 ሁሉም በቦታው ገብቷል። ባዶው ቦታ ታች ቀኝ ጥግ ላይ ነው። 15 ግን ከ14 ቀድሞ ተቀምጧል። አፍርሳችሁ ስትሞክሩ እነዚህ ሁለቱ ይስተካከሉና ሌሎች ሁለት ቦታ ተለዋውጠው ቁጭ ይላሉ።

መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሩ። ከቦታቸው የወጡት ሦስት ከሆኑ፣ ለምሳሌ የመጨረሻው ረድፍ 14፣ 15፣ 13 ከሆነ፣ ሰሌዳው ደህና ነው፤ የሚፈልገው ትዕግስት ብቻ ነው። ሁለት ብቻ ተለዋውጠው ባዶው ጥጉ ላይ ካለ ግን እስከ ነገ ብትገፉም አይሆንም።

ምክንያቱ

ካሬዎቹን እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ረድፍ በረድፍ አንብቧቸው፤ ባዶውን ዝለሉት። ትልቅ ቁጥር ከትንሽ ቁጥር ቀድሞ በተገኘ ቁጥር አንድ «ግልብጥ» ብላችሁ ቁጠሩ።

ካሬን ወደ ጎን መግፋት የንባቡን ቅደም ተከተል አይነካም። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስትገፉት ግን በንባቡ ውስጥ ሦስት ካሬዎችን ይዘላል። ከሦስቱ ጋር ያለው ዝምድና ይገለበጣል። ስለዚህ የግልብጡ ብዛት በ1 ወይም በ3 ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ተጋማሽ (ለ2 የሚካፈል) ከነበረ ኢ-ተጋማሽ ይሆናል፤ ኢ-ተጋማሽ ከነበረም ተጋማሽ። በዚያው ቅጽበት ባዶው ቦታ አንድ ረድፍ ይቀየራል።

እንግዲህ የግልብጡን ብዛት ባዶው ካለበት ረድፍ ጋር ደምሩ፤ ረድፉን ከታች ጀምራችሁ ቁጠሩ። ሁለቱ አብረው ስለሚቀያየሩ ድምሩ ተጋማሽ ከሆነ ዘላለም ተጋማሽ፣ ኢ-ተጋማሽ ከሆነም ዘላለም ኢ-ተጋማሽ ነው። ያለቀለት ሰሌዳ 0 ግልብጥ ሲኖረው ባዶው በ1ኛ ረድፍ ነው፤ ድምሩ 1። የእናንተው 1 ሲደመር 1፣ ማለትም 2 ነው። በመካከላቸው መንገድ የለም።

ከሁሉም አቀማመጦች በትክክል ግማሹ አይፈቱም። ለምን? ማንኛውንም አቀማመጥ ውሰዱና 14ን እና 15ን ብቻ አለዋውጡ። ሌሎቹ ቁጥሮች በሙሉ ከሁለቱም ስለሚያንሱ ለእነሱ የሚለወጥ ነገር የለም። የሁለቱ የእርስ በርስ ግልብጥ ብቻ ይጠፋል ወይም ይመጣል። እያንዳንዱ ኢ-ተጋማሽ አቀማመጥ እንዲህ አንድ ተጋማሽ አቻ ያገኛል። ከ20,922,789,888,000 አቀማመጦች 10,461,394,944,000ው አይፈቱም ማለት ነው። የቀሩት ሁሉ በእርግጥ ይፈታሉ ወይ የሚለው ሌላ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ሁለቱንም ጆንሰን እና ስቶሪ የተባሉ ሰዎች በ1879 በአንድ የአሜሪካ የሒሳብ መጽሔት ላይ አሳይተዋል። አሜሪካዊው የእንቆቅልሽ ሠሪ ሳም ሎይድ የ14 እና 15ን ቅያሬ ለሚፈታ 1,000 ዶላር እሰጣለሁ ሲል ኪሱ እንደማይነካ ያውቅ ነበር።

በምሳሌ እንየው

```
 1  5  3  4
 2  6  8  _
 9 10  7 12
13 14 11 15
```

5 ከ3፣ ከ4 እና ከ2 ቀድሟል፦ 3 ግልብጥ። 3 እና 4 ከ2 ቀድመዋል፦ 2። 8፣ 9 እና 10 ከ7 ቀድመዋል፦ 3። 12፣ 13 እና 14 ከ11 ቀድመዋል፦ 3። ጠቅላላው 11 ነው። ባዶው ከታች 3ኛ ረድፍ ላይ ነው። 11 ሲደመር 3፣ 14። ተጋማሽ ስለሆነ አይፈታም፤ ገና ሳትጀምሩ አወቃችሁ።

መፍትሄው

ይህ የሚመጣው አንድ ሰው ካሬዎቹን ነቅሎ እንደፈለገ ሲመልሳቸው ነው። ስለዚህ ማንኛቸውንም ሁለት ካሬዎች ነቅላችሁ አለዋውጡ። ከላይ ባለው 1 እና 5 ቢለዋወጡ ግልብጡ 12፣ ድምሩ 15 ይሆናል፤ ይፈታል።

መንቀል ካልተቻለ ግቡን ቀይሩ። ባዶው ላይኛው ግራ ጥግ ላይ ሆኖ ቁጥሮቹ ከ1 እስከ 15 ቢደረደሩ ድምሩ 0 ሲደመር 4 ነው፤ ተጋማሽ። «አልፈታም» ያለው ሰሌዳ በሙሉ እዚያ ይደርሳል! እኔ በበኩሌ ይህን ከመንቀሉ እመርጣለሁ።

ጨዋታውን በኮድ የምትሠሩ ከሆነ ጥፋቱ ያለው ካሬዎቹን በዘፈቀደ የሚበውዘው መስመር ላይ ነው፤ ከተጫዋቾቻችሁ ግማሽ ያህሉን ለከንቱ ልፋት ይዳርጋል። ከበወዛችሁ በኋላ እንዲህ አጣሩ፦

```python
n = [x for x in t if x]
g = sum(n[i] > n[j] for i in range(15)
        for j in range(i + 1, 15))
row = 4 - t.index(0) // 4
ok = (g + row) % 2 == 1
```

`t` የ16ቱ ቦታዎች ዝርዝር ነው፤ ባዶው በ`0` ይጻፋል። `ok` `False` ካለ ከ`0` በስተቀር ሁለት ቁጥሮችን አለዋውጡ። ይህን ኮድ ለ3 በ3 ሰሌዳ እንዳለ አትገልብጡት። እዚያ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚሄድ ካሬ የሚዘለው ሁለት ብቻ ስለሆነ ረድፉ አይቆጠርም፤ ግልብጡ ተጋማሽ መሆኑ ይበቃል።

በቁጥር ፈንታ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ላይ ደግሞ ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ካሬዎች፣ ለምሳሌ ሁለት ባዶ የሰማይ ቁራጮች፣ ካሉ ምንም ማጣራት አያስፈልግም። ሁለቱን ቦታ አለዋውጦ የሚጨርስ መንገድ ሁልጊዜ አለ፤ ማንም ልዩነታቸውን አያይም።