የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድን ለመምሪያ በአንድ ገጽ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

ስትራቴጂክ ዕቅዱ ተጠርዞ በየቢሮው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሐምሌ ሲገባ ግን የቡድን መሪው የሚያወጣው ጥራዙን ሳይሆን ያምናውን ዓመታዊ ዕቅድ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ይቀይራል፣ ቁጥሮቹን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ያቀርባል። በዕቅድ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሰነፍ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ በጥራዙ ውስጥ የእሱ ድርሻ የቱ እንደሆነ ማንም ለይቶ ስላልሰጠው ነው። ከዚህ በታች የማስረዳው አንድ ገጽ ይህን ድርሻ ለይቶ የሚሰጥ ወረቀት ነው። ምሳሌዬን ከዞን ጤና መምሪያ እወስዳለሁ፤ አሠራሩ ለትምህርትም ለውኃም መምሪያ ያው ነው።

1. ወረቀቱ ማን ፊት እንደሚቀርብ ይወስኑ

መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት አንባቢውን ይለዩ። ይህ ገጽ ለመምሪያ ኃላፊውና ለቡድን መሪዎቹ ነው፤ የሚቀርበውም በጀት ዓመቱ ሲከፈት በሚደረገው የማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ነው። ስለዚህ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት አያስፈልጉትም። እነሱ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ስብሰባው ላይ የተቀመጠው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ዘንድሮ ምን ይቀድማል፣ ስንት ላይ መድረስ አለብን፣ የሚጠየቀው ማን ነው።

ከዚያ አራት ሰነድ ጠረጴዛዎ ላይ ያድርጉ፦ ስትራቴጂክ ዕቅዱን፣ ያለፈውን ዓመት የክንውን ሪፖርት፣ የጸደቀውን በጀት እና የመምሪያውን መዋቅር። ብዙ ጊዜ የሚረሳው መዋቅሩ ነው። ዕቅዱ ከወጣ በኋላ ሁለት ቡድን ተዋህዶ አንዱ ስሙን ቀይሮ ይሆናል፤ በጥራዙ ላይ የተጻፈው ፈጻሚ ዛሬ ላይኖር ይችላል።

2. ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ይምረጡ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ2013 እስከ 2017 በጀት ዓመት የወጣው ሁለተኛው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 14 ስትራቴጂያዊ አቅጣጫዎች ነበሩት። 14ቱን በአንድ ገጽ ላይ መደርደር ይቻላል፤ እንዲህ ሲደረግ ግን የሚገኘው ማውጫ ነው፤ ቅድሚያ የተሰጠው ነገር አይታይበትም። ለአንድ መምሪያ አራት ወይም አምስት በቂ ነው።

ለመምረጥ እያንዳንዱን አቅጣጫ በሦስት ጥያቄ ይፈትኑት። ጉዳዩ በእኛ እጅ ነው ወይስ በክልሉ ወይም በሚኒስቴሩ? ዘንድሮ በጀትና ሰው ተመድቦለታል? ከአምናው ክንውን ስናይ ከግቡ የቱን ያህል ርቀናል? ሦስቱንም ያለፈው ይገባል። በእጃችን ያለ ግን በጀት ያልተያዘለት ከሆነ ቅድሚያ ብለው አይጻፉት፤ ከገጹ ግርጌ «ውሳኔ የሚጠብቁ» ብለው ለብቻው ያስቀምጡት። ኃላፊው በጀት ይፈልግለት ወይም ይተወው ዘንድ ግልጽ ይሁንለት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ሁለት ጉዳይን በ«እና» ማጣበቅ የተለመደ ነው፦ «የእናቶች ጤና አገልግሎትን ማሻሻልና የመድኃኒት አቅርቦትን ማጠናከር»። ሁለት ባለቤት፣ ሁለት ቁጥር ያላቸው ጉዳዮች በአንድ ረድፍ ሲገቡ አንደኛው መጥፋቱ አይቀርም። ይለዩዋቸው፤ ቦታ ከሌለ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ።

3. ግቡን መምሪያው ሊቆጥረው ወደሚችል ዒላማ ያውርዱ

በዚያው አገራዊ ዕቅድ ላይ የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር ከ401 ወደ 279 ይወርዳል የሚል ግብ አለ። ትልቅ ግብ ነው፤ ለዞን መምሪያ ገጽ ግን አይሆንም። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ያለው ዞን እንውሰድ። ክልሉ የሚጠበቁ ወሊዶችን ለመገመት የሚጠቀምበት ማባዣ 3.4 በመቶ ነው እንበል፤ በዓመት 34,000 ወሊድ ይጠበቃል። በ401 ስሌት 136 ሞት ማለት ነው። ቤት ውስጥ የሚደርሰው ሞት ደግሞ ሁሉም ለጤና ጣቢያ አይነገርም። ስለዚህ በሪፖርት የመጣው ቁጥር ቢቀንስ ሞት ቀንሶ ይሁን ሪፖርት ቀርቶ መለየት ያስቸግራል። መምሪያው በየወሩ ሊቆጥረው የሚችለውና ወደዚያ ግብ የሚያደርሰው በሠለጠነ ባለሙያ የተደገፈ ወሊድ ነው። ገጹ ላይ የሚገባው ይህ ነው።

ቀጥሎ መነሻውን ይመርምሩ። በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሠለጠነ ባለሙያ የተደገፈ ወሊድን 50 በመቶ ብሎታል። ይህ ቤት ለቤት ተጠይቆ የተገኘ አገራዊ ቁጥር ነው። የወረዳዎች ሪፖርት ደግሞ ከጤና ተቋም መዝገብ ተነስቶ ለተገመተ የወሊድ ቁጥር የተካፈለ ነው። መነሻውን ከጥናቱ ወስዶ ክንውኑን በሪፖርት የሚለካ ሰው ምንም ሳይሠራ ያደገ ሊመስለው ይችላል። መነሻም ክንውንም ከአንድ ምንጭ ይሁኑ፤ ምንጩንም ከገጹ ግርጌ በአንድ መስመር ይጻፉ። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው፦ የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ የአጋር ድርጅት ሰነድ ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈን ዓመት ሳይመልሱ አይገልብጡ።

አሁን የዓመቱን ድርሻ ያውጡ። የምሳሌው ዞን መነሻ 58 በመቶ፣ የአምስተኛው ዓመት ግብ 78 በመቶ ነው እንበል። ልዩነቱን ለአምስት ማካፈል ቀላል ነው፤ በየዓመቱ 4 ነጥብ ይሆናል። ሥራው ግን እንዲህ አይሄድም። አምቡላንስ የሚገዛው፣ የእናቶች ማቆያ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከሆነ ውጤቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። ስለዚህ 60፣ 64፣ 70፣ 75፣ 78 ብሎ መደልደል ለእውነቱ ይቀርባል።

ያለነው ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው እንበል፤ አምና 64 ታቅዶ የተገኘው 61 ነው። ብዙ ዕቅድ አዘጋጅ እዚህ ላይ አንገቱን ይደፋና 64 ብቻ ጽፎ ያልፋል። አይደረግም። «ዕቅድ 64፣ ክንውን 61» ብለው ሁለቱንም ይጻፉ። የዘንድሮው 70 እንደተጠበቀ ከሆነ መሸፈን ያለበት 9 ነጥብ ነው። ይህንንም ወደ ሰው ቁጥር ይለውጡት፦ የ34,000 ዘጠኝ በመቶ 3,060 እናቶች ናቸው፤ 12 ወረዳ ካለ ለአንድ ወረዳ በዓመት 255፣ በወር 21 ገደማ። በመቶኛ ሲነገር ራሱን ነቅንቆ የሚያልፈው ሰው «በወር 21 ተጨማሪ እናት» ሲባል አምቡላንሱ የት እንደቆመ መጠየቅ ይጀምራል። ዒላማው ይስተካከል ቢባል እንኳ የሚያስተካክለው ማኔጅመንቱ ነው፤ ወረቀቱን የሚያዘጋጅ ሰው በገዛ እጁ ዝቅ አያደርገውም።

«ይጠናከራል»፣ «ይሻሻላል»፣ «ትኩረት ይሰጠዋል» የሚሉት ቃላት ገጹ ላይ ካሉ ሥራዎ አላለቀም። ስንት ነበር፣ ስንት ይሆናል፣ መቼ የሚለው ይተካቸው።

4. ለእያንዳንዱ ዒላማ አንድ ባለቤት ይስጡ

በፈጻሚ ዓምድ ሥር «የሚመለከታቸው የሥራ ክፍሎች» ተብሎ ከተጻፈ ማንም አይመለከተውም። አንድ ዒላማ አንድ ባለቤት ብቻ ይኖረዋል። ሌሎቹ ተባባሪ ናቸው፤ ተባባሪ ተብለው የሚጻፉትም የሚያቀርቡት ነገር አብሮ ከተጠቀሰ ብቻ ነው። በምሳሌያችን ባለቤቱ የእናቶችና ሕፃናት ጤና ቡድን ነው። የሰው ሀብት ቡድን ተባባሪ ሲሆን የሚያቀርበው አዋላጅ ነርስ ለሌላቸው ጤና ጣቢያዎች ምደባ ነው።

ባለቤት የሚሆነው ቁጥሩን የሚሰበስበው ክፍል አይደለም፤ ይህ ስሕተት በዕቅድና ክትትል ቡድን ላይ ይደጋገማል። የዕቅድ ቡድን ሪፖርት ያጠናቅራል፤ አምቡላንስ ማዘዝ ግን አይችልም። ቁጥሩ ሲወርድ ሥራውን መለወጥ የሚችለው ማን ነው ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ባለቤቱ ነው። የሰው ስም አይጻፉ፤ ሰው ይዛወራል። የክፍሉን ስም ልክ በመዋቅሩ ላይ እንዳለ ይጻፉ።

5. ገጹን ያደራጁ

ከላይ የመምሪያው ስም፣ የዕቅዱ ዘመን፣ ስንተኛው ዓመት እንደሆነና ወረቀቱ የተዘጋጀበት ቀን ይቀመጣል። ከሥሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር፦ አምና የት ደረስን፣ ዘንድሮ ምን ይቀድማል። ከዚያ ሰንጠረዡ። አንድ ረድፍ ሲሞላ ይህን ይመስላል፦

ቅድሚያ፦ እናቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ ማድረግ
አመልካች፦ በሠለጠነ ባለሙያ የተደገፈ ወሊድ
መነሻ፦ 58%
አምና፦ ዕቅድ 64%፣ ክንውን 61%
ዘንድሮ፦ 70% (23,800 እናቶች፤ በሩብ ዓመት 5,950)
የ5ኛ ዓመት ግብ፦ 78%
ባለቤት፦ የእናቶችና ሕፃናት ጤና ቡድን
ተባባሪ፦ የሰው ሀብት ቡድን (የአዋላጅ ነርስ ምደባ)

ኤ4 ወረቀትን አግድም ቢያደርጉት ዓምዶቹ ይመቻሉ። ፊደሉ ከ11 ነጥብ አይነስ፤ የአማርኛ ፊደል ሲያንስ «ሰ» እና «ስ»፣ «ለ» እና «ሉ» አይለዩም። ካልበቃዎት ፊደሉን ሳይሆን ረድፉን ይቀንሱ። በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ሲልኩ ፒዲኤፍ አድርገው ይላኩ፤ የእርስዎ ፊደል የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሰንጠረዡ ይበተናል።

6. ከስብሰባው በፊት ባለቤቶቹን ያነጋግሩ

ረቂቁን ይዘው ወደ እያንዳንዱ ቡድን መሪ ይሂዱ፤ የራሱን ረድፍ በራሱ አንደበት እንዲያስረዳዎት ይጠይቁት። «23,800 ከየት መጣ?» ካለ ስሌቱን አብራችሁ ሥሩ። «ይህ የእኛ አይደለም» ካለ ስብሰባ ላይ ከሚሰማ አሁን መሰማቱ ይሻላል። አንድ ጊዜ አንዲት ቡድን መሪ ረድፏን አይታ «ወንድሜ፣ ሦስት ጤና ጣቢያ መብራት የለውም፤ ሌሊት በባትሪ ነው የሚያዋልዱት» አለችኝ። በጥራዙ ውስጥ ይህ የትም አልነበረም። «ውሳኔ የሚጠብቁ» በሚለው ሥር አስገባነውና ኃላፊው መጀመሪያ ያነሡት እሱን ሆነ።

በየሩብ ዓመቱ መጨረሻ አንድ ዓምድ ብቻ ይጨምሩ፦ የሩብ ዓመቱ ክንውን። የቀረውን አይንኩ፤ ቀኑን ግን ይቀይሩ፤ አለዚያ ሁለት ዓይነት ወረቀት በአንድ ስብሰባ ላይ ይገናኛሉ። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት መስከረም 30 ሲያልቅ 5,950 ያልደረሰው ባለቤት በቀጣዩ ስብሰባ ቀድሞ የሚናገር ይሁን።