ስክሪንሾት እያዩ ሲተረጉሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግኑ ልጆች ቴሌግራማቸው በስክሪንሾት የተሞላ ነው። ከማራኪም ከአዘዞም ይላክላቸዋል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ይሄ ምን እያለኝ ነው? የቱን ልጫን?» መልሱም አጭር ትርጉም ነው። ችግሩ እዚያች አጭር መልስ ላይ ቃል ከተምታታ የሰው ሥራ መጥፋቱ ነው።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ፎርም በስልኳ ትሞላለች እንበል። የሞላችው ገና አልተላከም። ስልኩ `Storage space running out` አላት፤ ቦታ እያለቀ ነው ማለቱ ነው። ቅንብሮች ገብታ የአፑን ገጽ ከፈተችና ፎቶ አንስታ ላከች። ገጹ ላይ `Clear storage` እና `Clear cache` የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ።

ሁለት ቁልፍን በአንድ ቃል መጥራት

«እህቴ፣ አጽጂው» ብሎ መመለስ በጣም ይቀላል። ግን የትኛውን? `Clear cache` አፑ ቶሎ እንዲከፈት ያስቀመጣቸውን ጊዜያዊ ፋይሎች ነው የሚያነሳው። ሲያስፈልጉት አፑ ራሱ መልሶ ያመጣቸዋል። `Clear storage` ግን አፑን አዲስ እንደተጫነ ያደርገዋል። የገባችበት አካውንት ይወጣል፣ ስልኩ ላይ ብቻ ያለው ያልተላከ ፎርምም አብሮ ይሄዳል።

የመጀመሪያውን «መሸጎጫ አጽዳ»፣ ሁለተኛውን «ማከማቻ አጽዳ» ብለን እንለያቸው። ይህም ብቻውን አይበቃም። ቦታ ያለቀባት ሰው «ማከማቻ አጽዳ» ስትባል የምትፈልገው እሱ ይመስላታል። ስለዚህ ስሙ ሳይቀየር፣ ከሥሩ «የአፑ መረጃ በሙሉ ይጠፋል፤ ያልተላከ ፎርም ካለሽ አትንኪው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ይከተለው። በአንዳንድ ስልኮች ይኸው ቁልፍ `Clear data` ይባላል። ሥራው አንድ ስለሆነ ማስጠንቀቂያውም አንድ ይሁን።

ጠዋት አንድ፣ ማታ ሌላ ቃል መጠቀም

የከፋው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። `Clear storage` ሲነካ ስልኩ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም `Cancel` እና `Delete` ጎን ለጎን ይመጣሉ። ብዙ ሰው `Cancel`ን «ሰርዝ» ይለዋል። የአንድሮይድ የአማርኛ ገጽ ደግሞ «ሰርዝ» የሚለው `Delete`ን ነው፤ `Cancel` እዚያ «ይቅር» ነው። ጠዋት በአንደኛው፣ ከሰዓት በሌላው ልማድ ከተረጎሙ «ሰርዝን ተጫኚ» የሚለው ምክር ፎርሙን ሊያድነውም ሊያጠፋውም ይችላል።

እኔ የምመክረው ስልኩ ራሱ የሚለውን መከተል ነው። ስልክዎን ወደ አማርኛ ቀይረው ያንኑ ገጽ ይክፈቱና ቃሉን ይቅዱ። ከዚያ ኤክሴል ላይ መዝገብ ይያዙ፦ እንግሊዝኛው፣ አማርኛው፣ የታየበት ገጽ፣ ሲነካ የሚያደርገው ነገር። የመጨረሻዋን ዓምድ አይዝለሏት። ሁለት ቁልፎች መለየታቸውን የምታሳይዎት እሷ ናት። አብሮዎት የሚሠራ ሰው ካለም ከዚያው መዝገብ ይጠቀም።

ሁኔታን እንደ ትእዛዝ መተርጎም

ከማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ `Off` ተጽፎ ሲያዩ «አጥፋ» አይበሉ። አሁን ያለበትን ሁኔታ እየነገረን ስለሆነ «ጠፍቷል» ነው። «አጥፋ» የሚሆነው `Turn off` የሚል ቁልፍ ሲመጣ ነው። ከተጠራጠሩ ፎቶው ላይ የማብሪያዋን አቅጣጫና ቀለም ይዩ።

ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ መተው

የሴትየዋ ስልክ እንግሊዝኛ ከሆነ «መሸጎጫ አጽዳ» የሚል ቁልፍ ብትፈልግ አታገኝም። «`Clear cache` የሚለውን ይንኩ፣ መሸጎጫ አጽዳ ማለት ነው» ብለው ሁለቱንም ይስጧት። ፊደሉን ከስክሪኑ ጋር አመሳስላ ታገኘዋለች።

የስህተት ቁጥርን ከደበዘዘ ፎቶ መገልበጥ

ይሄ በኮምፒውተር ይብሳል። ዊንዶውስ ላይ `0x80070005` ፈቃድ የለህም ማለት ነው፤ `0x80070070` ግን ዲስኩ ሞልቷል ማለት ነው። የሚለያዩት መጨረሻቸው ላይ ብቻ ነው። ቴሌግራም ፎቶን ስለሚያሳንስ ቁጥሩ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ደንበኛው በፎቶ ሳይሆን በፋይል እንዲልክ ይጠይቁት። ከዚያም የተሻለ መንገድ አለ። ብዙዎቹ የዊንዶውስ መልእክት ሳጥኖች ክፍት እያሉ `Ctrl+C` ቢጫን ጽሑፉ በሙሉ ይቀዳል። ደንበኛው ቴሌግራም ላይ ለጥፎ ይላክልዎት፤ እርስዎም ቁጥሩን እንዳለ ትተው መልእክቱን ብቻ ይተርጉሙ።