ብየዳ ሲነሳ መብራት የሚወርደው፦ ትራንስፎርመሩ ነው ወይስ ሽቦው?

በያጁ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ጫር ሲያደርግ የሰፈሩ መብራት ይርገበገባል። ቴሌቪዥን ጠፍቶ ይበራል። ምጣድ ላይ ያለችው እናት "እንጀራው ዓይን አላወጣ አለኝ" ትላለች። ከዚያ ሁሉም ወደ ምሰሶው አንጋጦ "ትራንስፎርመሩ ደክሟል" ይላል። ከደጀን እስከ ቡሬ ለዚህ ችግር ስጠራ የምሰማው ይሄንኑ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይደለም።

ብሬከርና ሶኬት አይታችኋል ብዬ ልነሳ።

መጀመሪያ አደገኛውን ለዩ። የአንዱ ቤት መብራት ሲደበዝዝ የሌላው በግልጽ ከወትሮው በላይ ከደመቀ፣ ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ላልቷል ወይም ተበጥሷል። ይሄ ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚያቃጥል ነገር ነው። የቤታችሁን ዋና ማብሪያ አጥፉና መብራት ኃይል ጥሩ። ምሰሶ ላይ ራሳችሁ እንዳትወጡ።

መብራቱ አንዴ ወርዶ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ከተመለሰ ደግሞ የወፍጮ ሞተር አነሳስ ነው። ብየዳ እንዲህ አያደርግም። እሱ የሚያርገበግበው የኤሌክትሮዱ ቅላጭ እየተንጠባጠበ ቅስቱን፣ ማለትም የብየዳውን የኤሌክትሪክ እሳት፣ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ስለሚያቋርጠው ነው። የሰው ዓይን ደግሞ በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ አካባቢ የሚመጣን መርገብገብ ከሁሉ በላይ ያያል። እዚያ ላይ ከግማሽ ፐርሰንት ያነሰ የቮልቴጅ ለውጥ እንኳ ይታወቃል። የብረት ማቅለጫ የአርክ ምድጃም ጠባዩ ይሄው ነው፤ ግን ከከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር በራሱ ትራንስፎርመር ስለሚመገብ መፍትሄው ሌላ ሙያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ትራንስፎርመር በውስጡ አምፔርን የሚገታ የራሱ ጠባይ አለው፤ ኢምፒዳንስ ይባላል። የሰፈር ትራንስፎርመር ታርጋ ላይ ብዙ ጊዜ 4% ተብሎ ይጻፋል። ሙሉ ጭነቱን ሲሸከም ውስጡ ሊቀር የሚችለው የቮልቴጅ ድርሻ ነው በሉት። ሰዉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኬቪኤ የትራንስፎርመር የመሸከም አቅም መለኪያ ነው፤ ባለ 25 ኬቪኤውም ባለ 100 ኬቪኤውም 4% ስለሚሉ እኩል ይመስሉታል። ግን የትንሹ ሙሉ ጭነት በአንድ ፌዝ፣ ማለትም ከሦስቱ ኤሌክትሪክ አምጪ ሽቦዎች በአንዱ፣ 36 አምፔር ብቻ ነው፤ የትልቁ 144። በሁለት ፌዝ መካከል ያለውን የታርጋውን 400 ቮልት ይዛችሁ ወደ ኦም ስትቀይሩት ልዩነቱ ይወጣል፦

```
25 kVA:  0.04 × 400² / 25000  = 0.256 Ω
100 kVA: 0.04 × 400² / 100000 = 0.064 Ω
```

አራት እጥፍ። ያው ብየዳ ትንሹ ላይ ሲነሳ መብራቱን አራት እጥፍ ይጥላል።

ብየዳው ራሱስ ስንት ይስባል? ገበያ ላይ ያለው ከባዱ፣ መዳብ የተጠመጠመበት ማሽን ቅስት ሳይነሳ 70 ቮልት ያህል ይሰጣል። በ150 አምፔር ስትበይዱ 70 በ150፣ ማለትም 10,500 ቮልት አምፔር ከመስመሩ ይጠይቃል። በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 50 አምፔር። ቅስቱ የሚጠቀምበት ግን ከዚህ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ኤሌክትሮዱ ሲጣበቅማ ከዚያም በላይ ይሄዳል።

ቮልቱ የት እንደሚጠፋ ለማወቅ ሁለት ሰውና ሁለት ቴስተር በቂ ነው። አንዱ ብየዳ ቤቱ ሶኬት ላይ፣ ሌላው ትራንስፎርመሩ ስር ባለው ቤት። ሁለቱም አንድ ፌዝ ላይ መሆን አለባቸው! ፌዙ ከተለያየ ልኬቱ ዋጋ የለውም። እኔም በዚህ አንድ ቀን ሙሉ ከስሬያለሁ። በያጁ አንድ ሙሉ ኤሌክትሮድ ሳያቋርጥ ይጨርስ፤ ርካሽ ቴስተር የጭረቱን ቅጽበት አይዝም።

ደብረ ማርቆስ ዳር ያለ አንድ በርና መስኮት የሚሠራ ወዳጄ "ትራንስፎርመሩ ይቀየርልን" ብሎ ፊርማ አሰባስቦ ነበር። ትራንስፎርመሩ ባለ 100 ነው፤ ሱቁ ከሱ 200 ሜትር ይርቃል፤ መስመሩ ባለ 50 ካሬ ሚሊሜትር አሉሚኒየም። ለካን። ሱቁ ላይ 11 ቮልት ወረደ። ትራንስፎርመሩ ስር 3 ብቻ። ስምንቱ ቮልት ሽቦው ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ ሄዶ በኒውትራል እስኪመለስ 400 ሜትር አሉሚኒየም ነዋ። ትራንስፎርመሩ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ ከ11ዱ አንድ ተኩል ቮልት ብቻ ነበር የሚድነው። ማሽኑ 220ም 380ም የሚቀበል ስለነበር በሁለት ፌዝ መካከል በ380 አሰርነው። አምፔሩ ወደ 29 ወረደ፣ ኒውትራሉም ከብየዳው ሸክም ነፃ ሆነ። የባሰው ፌዝ ላይ መውረዱ 5 ቮልት፣ ሌላው ላይ 2 ሆነ። ፊርማው ኪሱ ቀረ። (ባለ 220 ብቻ ማሽን ላይ ይሄን የሞከረ ጭስ ያያል። መምረጫውን ሳታዩ አታስሩ።)

ሁለተኛው የተገላቢጦሽ ነው። በቢቸና በኩል ያለች ትንሽ ከተማ፣ ትራንስፎርመሩ ባለ 25፣ ብየዳ ቤቱ ከሱ 30 ሜትር። ባለቤቱ ሰው ሰምቶ ወፍራም ኬብል ገዝቷል፤ ምንም ለውጥ የለም። ስንለካ ትራንስፎርመሩ ስር 12 ቮልት ይወርዳል፣ ሱቁ ላይ 13። ችግሩ እዚያው ውስጡ ነበር። 50 አምፔርማ ከ36ቱ አልፎ ትራንስፎርመሩን ያሞቀዋል።

እዚህ የረዳው ኢንቨርተር ብየዳ፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው ቀላሉ ማሽን፣ ነው። ለዚያው ቅስት ወደ 30 አምፔር ነው የሚስበው፤ መውረዱ ወደ 5 ቮልት ሆነ። ግን ኢንቨርተር የሁሉ መድኃኒት አይደለም። የሚቀንሰው በዋናነት ሥራ የማይሠራውን፣ ዝም ብሎ የሚመላለሰውን አምፔር ነው። ያ አምፔር የሚጎዳው ትራንስፎርመርን ነው። ቀጭን ረጅም ሽቦ ላይ ቮልት የሚበላው ግን ሥራ የሚሠራው አምፔር ነው፤ እሱ ብዙም አይቀንስም። የመጀመሪያው ወዳጄ ኢንቨርተር ብቻ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ተበሳጭቶ ይደውልልኝ ነበር።

ሁለት የማይሠሩ "መፍትሄዎች" አሉ። አንደኛው የትራንስፎርመሩን ታፕ፣ ማለትም የቮልቴጅ ማስተካከያውን፣ ከፍ አድርጉልን የሚለው ነው። ታፕ መነሻውን ከፍ ያደርጋል፤ መውረዱን አይቀንስም። 11 ቮልት ያው 11 ነው። ሌሊት ጭነት ሲጠፋ ደግሞ አምፖል ይቃጠላል።

ሁለተኛው ስታብላይዘር ነው። ቀርፋፋ ነው። ቮልቱ ሲወርድ ቀጭ ቀጭ ብሎ ከፍ ያደርጋል፤ በዚያው ቅጽበት በያጁ ያቆማል፤ ከፍ የተደረገው ቮልት ቴሌቪዥኑ ላይ ያርፋል። የጎረቤት ቴሌቪዥን በዚህ ሲበላሽ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁለቴም የተወቀሰው በያጁ ነበር።

የቢቸናው ሰውዬ ወደ ባለ 100 ማሳደጊያ አመልክቷል። ወፍራሙ ኬብል ግን ተፈትቶ፣ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የሥራ ካፖርቱን ያንጠለጥልበታል።