ጥላው ለምን ጠፋ? የድሮ ኮንሶል፣ ፍላት ቲቪና አፕስኬለር

ኬብሉ ጥብቅ ብሎ መሰካቱንና ቲቪው ትክክለኛው ኢንፑት ላይ መሆኑን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ቶሎ የሚያልቁትን ላስቀድም። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ፣ አረንጓዴው የኮምፖነንት ጫፍ የቢጫው ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል፣ ወይም ቢጫው አረንጓዴው ውስጥ። ቀይ ቀለም ጠፍቶ አንዱ ስፒከር ጥዝዝ ካለ ደግሞ፣ ከአምስቱ የኮምፖነንት ጫፎች ሁለቱ ቀይ መሆናቸውን ረስታችኋል። አንዱ የምስል ነው፣ አንዱ የድምፅ። አቀያይሯቸው።

ፕሌይስቴሽን 2 በኮምፖነንት ኬብል ስክሪኑን አረንጓዴ በአረንጓዴ ካደረገው አልተበላሸም። በቢጫው ኬብል አገናኙትና `System Configuration` ውስጥ ግቡ። `Component Video Out` የሚለውን ከ`RGB` ወደ `Y Cb/Pb Cr/Pr` ቀይሩ። ከዚያ ኮምፖነንቱን መልሱ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ደጋግሞ እጄ ወደሚገባው ችግር። ምስል አለ፣ ድምፅ አለ፣ ቀለሙም ደህና ነው። ግን ጨዋታው ልክ አይደለም። ተጫዋቹ ሲመታ ብልጭ ድርግም ማለት ሲገባው ጭራሽ ይሰወራል። ከእግሩ ሥር ያለው ጥላ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ መስመር ይሆናል። ዝለል ስትሉት ቆይቶ ነው የሚዘለው።

አንድ ልጅ ይህንኑ ይዞ መጣ። ጆይስቲኩ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ገዝቷል። እሱም ያው ሲሆንበት ሦስተኛ ገዛ። ጥላው የጠፋው ሲዲው ተጭሮ ነው ብለውት ሲዲውንም በጥርስ ሳሙና አሽቶታል። (እባካችሁ ይህን አታድርጉ።) ኮንሶሉን ከድሮ ወፍራም ቲቪ ጋር ሳገናኘው ጥላው ቁጭ አለ፣ ዝላዩም ወዲያው ሆነ። ጥፋተኛዋ በኮንሶሉና በፍላት ቲቪው መሃል የነበረችው፣ የድሮውን ምስል ወደ ኤችዲኤምአይ የምትቀይረው ርካሽ ትንሽ ሳጥን ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ የቲቪ ሥርጭት 480i ነው። መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች ይልካል፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን። ሁለቱ ግማሾች ተሰፍተው አንድ ምስል ይሆናሉ። እስከ ፕሌይስቴሽን 1 ዘመን የነበሩት አብዛኞቹ ጨዋታዎች ግን 240p ናቸው። በሰከንድ 60 ጊዜ፣ በእነዚያው መስመሮች ላይ፣ በየጊዜው ራሱን የቻለ ምስል ይልካሉ። (የፓል ኮንሶል ከሆነ 288pና 576i በሰከንድ 50 ጊዜ ነው። ችግሩ ግን ያው ነው።) ርካሿ ሳጥን ይህን አታውቅም። የመጣላትን ሁሉ 480i ነው ብላ ሁለት የተለያዩ ምስሎችን አንድ ላይ ትሰፋለች።

ጥላው የሚጠፋው ለዚህ ነው። የጨዋታው ሠሪዎች ጥላውን አንዱ ምስል ላይ ይስሉታል፣ ቀጣዩ ላይ ይተዉታል። በወፍራሙ ቲቪ ላይ ዓይናችን ከፊል ግልጽ አድርጎ ያየው ነበር። ሳጥኗ ሁለቱን ስትሰፋቸው ጥላው አንድ መስመር አለ፣ አንድ መስመር የለም። ግማሹን የምትጥል ዓይነት ከሆነች ደግሞ ወይ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ወይ እንደ ድንጋይ ይጠቁራል። ለመስፋት ምስሎችን ይዛ መጠበቅ አለባት። አንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሁለት ሦስት ስታቆይ፣ ቲቪውም የራሱን ሲጨምርበት፣ ዝላዩ ይዘገያል።

ሳጥኗ ላይ ያለውን 720pና 1080p የሚል ማብሪያ ማጥፊያ ነካክታችሁ አትድከሙ። እሱ የሚቀይረው መውጫውን ነው፣ ስህተቱ ያለው መግቢያው ላይ ነው።

መፍትሄው 240p መሆኑን ለይቶ የሚያውቅ አፕስኬለር፣ ማለትም የድሮውን ምስል ለፍላት ቲቪ የሚያሳድግ ሳጥን ነው። ሬትሮቲንክ 5ኤክስ ኮምፖዚትም (ቢጫው ኬብል ማለት ነው) ኮምፖነንትም ይቀበላል። ኦኤስኤስሲ ምስል ይዞ ስለማይጠብቅ መዘግየት የለውም ማለት ይቻላል፣ ግን ቢጫውን ኬብል አይቀበልም። ሳያዩ ገዝተው የሚናደዱ አሉ፤ አደራ፣ መግቢያዎቹን ቆጥራችሁ ግዙ። የምትገዙት ዕቃ መግለጫ ላይ 240p የሚል ካልተጻፈ ተዉት። ዕቃው 240p ቢያውቅ ኖሮ በጩኸት ነበር የሚጽፉት።

ካገናኛችሁ በኋላ ቲቪውን ጌም ሞድ ላይ አድርጉ። ስፋቱን 4:3 አድርጉ፣ ፊታቸው የተለጠጠ ሰዎች ማየት ካልፈለጋችሁ በቀር። ኃይሉን ከቲቪው የዩኤስቢ ቀዳዳ አትውሰዱ። አንዳንዱ በቂ አይሰጥም፣ ምስሉ መሃል ላይ ይቆራረጥና እንደገና ኬብል ትወቅሳላችሁ።

አንዳንድ የፕሌይስቴሽን 1 ጨዋታዎች ሜኑ ሲከፈት ከ240p ወደ 480i ይዘላሉ። ያኔ ስክሪኑ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ቢጨልም አትደንግጡ፣ ቲቪው አዲሱን ሲግናል እየፈለገ ነው።

መሥራቱን ለማረጋገጥ ተጫዋቹን አቁሙና ጥላውን እዩ። በፍጥነት እየተንቀጠቀጠ ግን ሙሉ ሆኖ ከታየ ተስተካክሏል። አሁንም ማበጠሪያ ከሆነ አፕስኬለሩ መግቢያውን ምን ብሎ እንዳነበበው ሜኑው ላይ ተመልከቱ።