«ሽሮፑን ሰጥቼው ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ»፦ የሦስት ቀን ትኩሳትን ቤት ውስጥ መከታተል

ፋርማሲ ውስጥ በብዛት የምሰማው ነገር ይሄ ነው፦ «ትናንት ማታ ሰጥቼው ወረደለት፣ ሌሊት ደግሞ ተነሳበት። ይሄ መድኃኒት አይሠራም መሰለኝ፣ ጠንከር ያለ ስጠኝ።» ብዙ ጊዜ ጠንከር ያለ መድኃኒት አያስፈልግም። የሚጎድለው ሰዓትና ልክ ነው።

ከታች ያለው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለ፣ ከዚህ በፊት ደህና ለነበረ ልጅ ነው። ከሦስት ወር በታች ያለ ጨቅላ ካተኮሰ ቤት ውስጥ አይጠበቅም፣ ያኔውኑ ወደ ሐኪም። ወባ ባለበት አካባቢ የምትኖሩ ወይም በቅርቡ እዚያ የቆያችሁ ከሆነም ሦስት ቀን አትቁጠሩ። በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር።

ችግር፦ ወረደ፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ተመለሰ

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርዳል እንጂ ያመጣውን ነገር አያጠፋም። ከተዋጠ በኋላ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት ይጀምራል፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ያበቃል። ቫይረሱ ግን ገና ሰውነት ውስጥ አለ። ተራ የቫይረስ ትኩሳት ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ ይከርማል።

መፍትሄው የምትጠብቁትን ነገር መቀየር ነው። 39.5 የነበረ ልጅ ከመድኃኒቱ በኋላ 38.4 ሆኖ መጫወቻውን ካነሳ፣ ውሃ ከጠጣ፣ ዓይኑ ከተከፈተ፣ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል። 36.5 እንዲሆን አትሯሯጡ። እንዲያውም 38.5 ሆኖ ቤቱን የሚያተራምስ ልጅ መድኃኒት አያስፈልገውም። የሚሰጠው ሲያለቅስ፣ ሲያመው፣ አልጠጣም ሲል ነው። ከቁጥሩ ይበልጥ የሚነግራችሁ፣ መድኃኒቱ ከሠራ በኋላ ልጁ ምን ይመስላል የሚለው ነው።

ችግር፦ ጭራሽ አልወረደም

መጀመሪያ ሰዓት እዩ። ሰጥታችሁ ሃያ ደቂቃ ካልሞላ ገና ነው። ሙሉ አንድ ሰዓት ስጡት።

ሰዓቱ ካለፈ፣ የሰጣችሁት መጠን ማነሱን ጠርጥሩ። የቤት የሻይ ማንኪያ አንዱ 3 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ ሌላው 7። ከሽሮፑ ጋር የሚመጣውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ስሪንጅ ተጠቀሙ። ስሪንጁን በጉንጩ በኩል አስገብታችሁ በትንሽ በትንሹ ግፉ። ወደ ጉሮሮው በቀጥታ ከገፋችሁት ያንቀዋል፣ ያስታውከዋልም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስታወከ ያንኑ መጠን አንድ ጊዜ መድገም ይቻላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሆነ ግን የሚቀጥለውን ሰዓት ጠብቁ።

አሁን ሒሳቡ። ፓራሲታሞል የሚሰጠው በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው፦ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም። የኔው ልጅ አንድ ዓመት ተኩል ሆኖት 10 ኪሎ ይመዝን ነበር። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ማለት ነው።

ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሚሊ ግራም የመድኃኒቱ መጠን ነው፣ ሚሊ ሊትር ደግሞ የፈሳሹ። አንዱ ጠርሙስ ላይ «120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» ይላል፣ ሌላው «250 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር»፣ የጠብታው ብልቃጥ ደግሞ «100 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር» ሊል ይችላል። ለኔ ልጅ ከመጀመሪያው 5 ሚሊ ሊትር ልክ ነው። ከሁለተኛው 2.5 ይበቃዋል። ከጠብታው 1.2 ብቻ። «እኛ ሁልጊዜ አምስት ነው የምንሰጠው» ብሎ ከጠብታው 5 ሚሊ ሊትር የሰጠ ሰው 500 ሚሊ ግራም ሰጠ ማለት ነው፣ ለዚያ ልጅ ከሚፈቀደው ትልቁ መጠን ከሦስት እጥፍ በላይ። ጠርሙሱ በተቀየረ ቁጥር ሒሳቡን እንደ አዲስ ሥሩ። ሽሮፑንም ከመቅዳታችሁ በፊት ነቅንቁት።

ከልክ በላይ መስጠታችሁን ካወቃችሁ ልጁ ደህና ቢመስልም ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ሂዱ። ጉበት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚታየው ዘግይቶ ነው፣ የማርከሻው መድኃኒት ግን ቶሎ ሲጀመር ነው የሚሠራው።

ችግር፦ መቼ እንደሰጠን ጠፋን

በሁለተኛው ቀን ሁሉም ሰው እንቅልፍ አጥቷል። አባት ሰጥቶ ይተኛል፣ እናት ነቅታ ትደግማለች። ወይም ጉንፋን ይዞታል ተብሎ የጉንፋን ሽሮፕ ይጨመራል፣ ያ ሽሮፕ ውስጥም ፓራሲታሞል አለ። ሳይታወቅ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የጉንፋን ሽሮፕ ለዚህ ዕድሜ ባይሰጥ ይሻላል።

መፍትሄው አንድ ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ መለጠፍ ነው። ሰዓት፣ ሙቀት፣ ስንት ሚሊ ሊትር፣ ማን ሰጠ። በሁለት መጠን መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይበልጥም። በየስድስት ሰዓቱ ከተያዘ ለማስታወስ አይከብድም፦ ጠዋት 2፣ ቀን 8፣ ማታ 2፣ ሌሊት 8። ግን ተኝቶ ከሆነ ለመድኃኒት ብላችሁ አትቀስቅሱት።

የኛ ወረቀት እንዲህ ነበር። ሰኞ ቀን 8 ሰዓት በብብት 39.2፣ 5 ሚሊ ሊትር። ማታ 2 ሰዓት ደገምን። ሌሊት 9 ሰዓት እያለቀሰ ነቃ፣ 39.4፣ ሦስተኛው። ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት 38.3 ነበር፣ ግን የጫማ ሣጥን እየጎተተ ይስቃል፣ ምንም አልሰጠነውም። ቀን 7 ሰዓት ላይ አያቱ ሰጡት። እኔ 8 ሰዓት ላይ ስገባ ሰውነቱ ይፋጃል፣ ስሪንጁን አነሳሁ። ወረቀቱን ሳየው «7፣ እማማ» ይላል። የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ፣ ያ ወረቀት ባይኖር ግን እደግመው ነበር።

አይቡፕሮፌንስ? ለዚህ ዕድሜ ይሆናል፦ ለአንድ ኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ወይም 8 ሰዓቱ፣ በቀን ከ3 ጊዜ ሳይበልጥ። ግን ለሚያስቀምጠው፣ ለሚያስታውከው ወይም ለማይጠጣ ልጅ ኩላሊቱን ስለሚጎዳ አይሰጥም። ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ካለበትም ይቅር። ሁለቱን መድኃኒቶች አንድ ላይ አትስጡ። አንዱን በልኩ መስጠት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። አስፕሪን ለልጅ ፈጽሞ አይሰጥም።

ችግር፦ ሰውነቱ እሳት፣ እጅና እግሩ በረዶ

ትኩሳቱ እየወጣ ነው ማለት ነው። አንጎል «ሙቀት ጨምር» ሲል የእጅና የእግር ደም ስሮች ይጠባሉ፣ ልጁም ይንቀጠቀጣል። ሲንቀጠቀጥ በቀጭን ነገር ሸፍኑት፣ ብርድ ልብስ አትከምሩበት። ወጥቶ ሲያበቃና ሲያልበው ልብሱን ቀንሱ። ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ይበልጥ ያንቀጠቅጠዋል፣ አልኮል መቀባት ደግሞ በቆዳው ገብቶ ይመርዘዋል።

በብርድ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ስትጠሩት ያያችኋል። ዓይኑ ተገልብጦ፣ ሳይሰማችሁ እጅና እግሩ እኩል የሚንፈራገጥ ከሆነ የትኩሳት ማንዘፍዘፍ ነው። መሬት ላይ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ አትያዙት፣ ሰዓት ያዙ። አብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ይቆማል። ቢቆምም የመጀመሪያው ከሆነ በዚያው ሰዓት ሐኪም ይየው። 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ።

ችግር፦ ሦስተኛ ቀን ገባ

ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ቁጠሩ። 72 ሰዓት ሞልቶ ትኩሳቱ ካለ፣ ልጁ ደህና ቢመስልም ይታይ። በተለይ ሳልም ንፍጥም ተቅማጥም የሌለው ትኩሳት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ያ ያለ ሽንት ምርመራ አይታወቅም። አንድ ቀን ሙሉ ጠፍቶ የተመለሰ ትኩሳትም እንደዚሁ ሐኪም ይፈልጋል።

እስከዚያ ዋናው ሥራ መጠጥ ነው። ምግብ ቢቀር ችግር የለም፣ ጡት የሚጠባ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ ውሃ በየአሥር ደቂቃው በማንኪያ። ዳይፐሩን እዩ።

ሰዓት ሳትቆጥሩ፣ ሌሊትም ቢሆን የምትነሱበት ግን ይሄ ነው፦

- መድኃኒቱ ከሠራ በኋላም ፈዞ የሚተኛ፣ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር ወይም ማባበል የማይሰማ፤
- ትንፋሹ የሚፈጥን። ተረጋግቶ ሳለ ደረቱን እያያችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፣ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ከሆነ ቁጥርም አያስፈልግም፤
- 8 ሰዓት ሙሉ ሽንት ያልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ የሌለው፣ የጠጣውን ሁሉ የሚያስታውክ፤
- አንገቱ የደረቀ፣ ወይም ስትጫኑት የማይጠፋ ሽፍታ ያለበት።

የመጨረሻውን ለማየት ግልጽ ብርጭቆ በጎኑ ሽፍታው ላይ ጫን አድርጉና በመስታወቱ በኩል ተመልከቱ። ነጥቡ ካልደበዘዘ ደም ከቆዳው ሥር ፈሷል፣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ጥቁር ቆዳ ላይ አልታይ ካለ መዳፍ፣ ውስጥ እግርና የከንፈር ውስጥ እዩ።

የኔ ልጅ ረቡዕ ሁለት ጊዜ ብቻ ወሰደ፣ ከፍተኛው 38.9 ነበር። ማታ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ስቆጥር 34። ሐሙስ ከሰዓት 72 ሰዓቱ ስለሚሞላ ቀጠሮ ይዤ ነበር። ጠዋት ስለካው 36.8፣ ልብሱን ሳወልቅ ግን ደረቱና ጀርባው ላይ ትንንሽ ቀይ ነጠብጣብ ፈሷል። እናቱ ደነገጠች። ብርጭቆ አምጥቼ ተጫንኩት፣ ጠፋ። ሳነሳው ተመለሰ። ከሰዓት ያየው ሐኪም ሮዚዮላ ነው አለ፦ ሦስት ቀን ያተኩስና ትኩሳቱ ሲለቅ ሽፍታው ይወጣል። ልጁ እስከዚያ ብርጭቆውን ቀምቶኝ በራሱ ሆድ ላይ እየተጫነ ነበር።